ፀጉር ቀለም በብርድ ቤትና በሞቃት ቤት

በፀጉር ቀለም ካርቶን ላይ «35 ደቂቃ ያቆዩ» ተብሎ የሚጻፈው መመሪያ አንድ ያልተጻፈ ነገር አብሮት አለ። ቁጥሩ የታሰበው ለመካከለኛ ክፍል ነው፤ አየሩ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሆነ፣ ብዙም ላልደረቀ፣ ብዙም ላልራሰ ቤት። ያው ቀለም በኅዳር ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያ በሌለው ክፍል ሲቀባና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ሲቀባ፣ ከአንድ ቲዩብ ወጥቶም ሁለት የተለያየ ፀጉር ሊሠራ ይችላል። አንዷ «ቀለሙ አልያዘልኝም፣ በሦስት እጥበት ለቀቀ» ትላለች፤ ሌላዋ «ጠቆረብኝ» ወይም «ሥሩ ብቻ ቀላ» ትላለች። ሁለቱም ጥፋቱን ለቀለሙ ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን ልዩነቱን ያመጣው ክፍሉ ነው።

እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ቀለሙ ፀጉር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ የሚነገረው ከዲቨሎፐር ጋር ተደባልቆ ስለሚቀባው ቋሚ ቀለም ነው። በቲዩቡ ውስጥ ያለው ክሬም ገና ቀለም አይደለም። የቀለም መነሻ የሆኑ፣ መልክ የሌላቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎችና አሞኒያ (ወይም አሞኒያን የሚተካ ሌላ አልካሊ) ናቸው ያሉበት። ዲቨሎፐሩ ደግሞ በውሃ የቀጠነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ 20 ቮልዩም የሚባለው 6 በመቶ፣ 30 ቮልዩም የሚባለው 9 በመቶ ፐርኦክሳይድ አለው። ሁለቱ ሲደባለቁ አሞኒያው የፀጉሩን ቅርፊት አሳብጦ ይከፍታል፤ ጥቃቅኖቹ ሞለኪውሎች ወደ ውስጥ ይገባሉ። ፐርኦክሳይዱ በአንድ በኩል የፀጉሩን ተፈጥሯዊ ጥቁረት ያሳሳል፣ በሌላ በኩል የገቡትን መነሻዎች እርስ በርሳቸው አገናኝቶ ትልልቅ ባለ ቀለም ሞለኪውሎች ያደርጋቸዋል። ትልልቆቹ በገቡበት በር መውጣት ስለማይችሉ እዚያው ይቀራሉ። ቀለም «ያዘ» የሚባለው ይህ ሲሆን ነው።

እንግዲህ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሦስት ሥራዎች ይከናወናሉ፦ መግባት፣ ማሳሳትና መገናኘት። ሦስቱም በሙቀት ይፈጥናሉ፣ በብርድ ይዘገያሉ። ኬሚስቶች ለግምት የሚጠቀሙበት የቆየ ልማድ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለእያንዳንዱ ቀለም በትክክል ይሠራል ማለት አይደለም፤ አቅጣጫውን ግን በደንብ ያሳያል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በክረምት ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ በቆላ በአንድ ቀን ተኩል ኩፍ ይላል፤ እርሾው ያው እርሾ፣ ጤፉም ያው ጤፍ ሆኖ።

ልዩነቱ ሊጡ በሙሉ አንድ ዕቃ ውስጥ መሆኑ ነው። ፀጉር እንደዚያ አይደለም፤ አንድ ፀጉር ሁለት አገር ላይ ይኖራል። ከራስ ቅል ቆዳ የመጀመሪያዋ አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከዚያ የምታልፈው ክፍል የሰውነት ሙቀት ታገኛለች። ቆዳው ከክፍሉ አየር ይልቅ በሰውየው ደም ይሞቃልና ክፍሉ ቢቀዘቅዝም ሥሩ ለብ እንዳለ ይቆያል። መሃሉና ጫፉ ግን ከሰውነት የተለዩ ናቸው፤ የክፍሉን አየር ይከተላሉ። ስለዚህ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ በይበልጥ የሚዘገየው ርዝመቱ ነው። ሥሩ በራሱ ፍጥነት ይቀጥላል። ስለ ክፍል ሙቀት ከሚነገረው ሁሉ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ ብርድ ሁሉን እኩል አያዘገይም፣ በሥርና በርዝመት መካከል ያለውን ርቀት ያሰፋል እንጂ።

በባለሙያዎች ዘንድ «ሥሩ ተቃጠለ» ወይም «ሥሩ ፈነዳ» የሚባለው ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ጥቁር ፀጉር ወደ ቡኒ ሲቀየር ሥሩ ሙቀት አግኝቶ ቶሎ ይሳሳል። ጥቁረቱ ሲነሳ ሥር ላይ የተደበቀው ቀይና ብርቱካናማ መልክ ይወጣል፤ ርዝመቱ ግን ገና ጥቁር ቡኒ ላይ ነው። ሴትየዋ ፀጉሯን ስትሰነጥቅ በመሃል አናቷ ላይ የቀላ መስመር ይታያታል። ፊቷን ወደ መስታወቱ ስታስጠጋ መስመሩ ወደ ጎን እየተበተነ ሲሄድ ታያለች፤ ልክ የራስ ቅሉ ሙቀት በሚያበቃበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይቀየራል።

ቀለም ያልነካው ፀጉር ሲቀባ ከመሃልና ከጫፍ ተጀምሮ ሥሩ ለመጨረሻ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ደንብ በየትኛውም ፀጉር ቤት ይታወቃል። የማይታወቀው፣ ወይም ቢታወቅም የሚዘነጋው፣ በሥርና በርዝመት መካከል የሚተወው ጊዜ እንደ ክፍሉ መለያየት ያለበት መሆኑ ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። ትከሻዋ የሚደርስ ጥቁር ፀጉር ያላት፣ ከዚህ በፊት ቀለም ነክቷት የማያውቅ ሴት መካከለኛ ቡኒ ትፈልጋለች እንበል። 60 ሚሊ ሊትር ቀለም ከ60 ሚሊ ሊትር 6 በመቶ ዲቨሎፐር ጋር ይደባለቃል፤ ካርቶኑ 35 ደቂቃ ይላል። ቦታው አዲስ አበባ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ወሩ ኅዳር፣ ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 16 ዲግሪ ያሳያል። ዲቨሎፐሩ ሌሊቱን መስኮት ስር መደርደሪያ ላይ አድሮ ጠርሙሱ በእጅ ሲያዝ ይቀዘቅዛል። ሥሩ ቀለም ከተቀባ በኋላ ወደ 28 ዲግሪ ቢሆን፣ ርዝመቱ ከክፍሉ እምብዛም አይርቅም፤ 17 እንበለው። በመካከላቸው 11 ዲግሪ አለ። በእጥፉ ልማድ ከሄድን ሥሩ ከርዝመቱ ሁለት ጊዜ ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ካርቶኑ ያሰበው ክፍል 22 ዲግሪ ከነበረ፣ ርዝመቱ በ17 ዲግሪ ያንኑ ሥራ ለመጨረስ 50 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በ35 ደቂቃ ከታጠበች ሥሩ ደርሷል፣ ርዝመቱ አልደረሰም።

ይቺው ሴት ያንኑ ቀለም ለሠርግ ስትሄድ ድሬዳዋ ይዛው ሄደች እንበል። ክፍሉ 33 ዲግሪ ነው። ሥሯ ወደ 34፣ ርዝመቷ 33። አሁን በሥርና በርዝመት መካከል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ እዚያ ላይ ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ይሻላል፣ ቀለሙ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። ርዝመቱ በካርቶኑ ክፍል 35 ደቂቃ የሚፈጅበትን ሥራ እዚህ በ16 ወይም በ17 ደቂቃ ይጨርሳል። መቀባቱ ብቻውን 25 ደቂቃ ከወሰደ፣ የመጨረሻው ጉንጉን ሳይቀባ የመጀመሪያው ጨርሷል። እነዚህ ቁጥሮች ግምት ናቸው፤ የፀጉሩ ውፍረት፣ የቀለሙ ዓይነትና የቀባበሩ ብዛት ይለዋውጣቸዋል። ግን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የተወሰደ «35 ደቂቃ» ምን ያህል የተለያየ ነገር እንደሆነ ያሳያሉ።

በብርድ የሚደርሰው ጉዳት ወዲያው ስለማይታይ ይበልጥ ያታልላል። ሳይደርስ የታጠበ ፀጉር የመጀመሪያ ቀን መልካም ሊመስል ይችላል። ውስጡ ግን ገና ያልተገናኙ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ቀርተዋል፤ ትንንሽ በመሆናቸው በገቡበት ይወጣሉ። በሦስትና በአራት እጥበት ውሃው ቡኒ ሆኖ ይወርዳል፣ ፀጉሩም ይደበዝዛል። ቀለሙን የሚሠሩት መነሻዎችም ሁሉም በአንድ ፍጥነት አይገናኙም። አንዱ ጥንድ ቀድሞ ሌላው ወደ ኋላ ሲቀር፣ የወጣው ቡኒ በካርቶኑ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አይመጣጠንም፤ የተፈለገው አመድማ ቡኒ ሆኖ የወጣው ግን ወደ ቀይ ያደላ ሊሆን ይችላል። ሽበት ላይ ደግሞ ብርድ በግልጽ ይታያል። ሽበት ቅርፊቱ የጠበቀና ግትር በመሆኑ ከሌላው ፀጉር የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳይደርስ ሲታጠብ በጆሮ ግንድ አጠገብ ያለው ሽበት ውሃ ያጠበው ቢጫ ክር መስሎ ይቀራል። የጆሮ ግንዱና የግንባሩ ዳር ለአየር የተጋለጡ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚቀዘቅዙትም እነሱ ናቸው።

የብዙ ሰው መፍትሔ ጊዜውን ማርዘም ነው። እስከ አንድ ልክ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ አይሠራም። ድብልቁ ሲደባለቅ ጀምሮ አሞኒያው ወደ አየር እየተነነ፣ ፐርኦክሳይዱም እየተበላ ነው። አንድ ሰዓት ከተጠጋ በኋላ ጭንቅላት ላይ ያለው ክሬም አብዛኛው ጉልበቱ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ መቆየት ቆዳን ማሳከክና ፀጉርን ማድረቅ እንጂ ቀለም አይጨምርም። ስለዚህ በብርድ ቤት የተሻለው መንገድ ጊዜውን ሳይሆን ሙቀቱን ማስተካከል ነው። ቲዩቡና ዲቨሎፐሩ ሳይደባለቁ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምረው ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ። ቀለም የሚደባለቅበት ሳህንም ቀዝቃዛ ብረት አይሁን፤ ብረት ፐርኦክሳይዱንም ሊያበላሸው ስለሚችል ፕላስቲክ ይመረጣል። ርዝመቱ ከተቀባ በኋላ ወደ ላይ ተሰብስቦ በፕላስቲክ ቆብ ይሸፈን፣ በላዩ ፎጣ ይጠምጠም። ቆቡ የራስ ቅሉን ሙቀት ይዞ ለርዝመቱ ያካፍለዋል፣ እርጥበቱም እንዳይተን ይጠብቀዋል። ሥሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘግይቶ ይቀባ። በካስክ ማሞቅ የሚቻለው የቀለሙ መመሪያ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ከተፈቀደም በዝቅተኛው ሙቀት፣ ቆቡ ላይ ሆኖ፣ ጊዜው አጥሮ።

ሁለት የተለመዱ ማሞቂያዎች ግን መተው አለባቸው። አንዱ ከሰል ነው። መስኮቱ በብርድ ምክንያት በተዘጋ ጠባብ ፀጉር ቤት ውስጥ የከሰል ማንደጃ ማስገባት ሰው የሚገድል ጋዝ ማጠራቀም ነው፤ ሽታ የለውምና የአሞኒያው ሽታ ባለበት ቤት ውስጥ ማንም አይጠረጥረውም። ሌላው ፀሐይ ነው። ፀጉሯን ቀብታ ጥቁር ፌስታል አስራ በረንዳ ላይ የምትቀመጥ ሴት ብዙ ሰፈር ትታያለች። ፀሐዩ ከቀኝ ነው፤ ጥቁሩ ፌስታል በቀኝ በኩል ሲነካ ያቃጥላል፣ በግራ በኩል ጥላ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው። ፀጉሩ ሲታጠብ በቀኝ ጆሮ በኩል ያለው አንድ ደረጃ ቀልቶ፣ የግራው ጠቁሮ ይወጣል። በየአምስት ደቂቃው ወንበሩን ብታዞርም የጥንቱ ጉዳት አይመለስም፤ ጥላ ያለበት ሞቃት ክፍል ከፀሐይ ይሻላል።

በሞቃት ቤት ትልቁ ነገር ሰዓትን ማመን ማቆም ነው። ጊዜው ከካርቶኑ ያጥራል፤ በስንት እንደሚያጥር ግን አስቀድሞ መናገር ስለማይቻል ማየት ይገባል። የሚታየውም ክሬሙን አይደለም። ክሬሙ አየር ላይ ራሱ ይጠቁራል፤ ሳህን ውስጥ የቀረው ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ሲታይ ሴትየዋ ፀጉሯ የጠቆረ መስሏት ትደነግጣለች። ትክክለኛው መንገድ ከማጅራት በላይ ካለው ቦታ አንድ ቀጭን ዘለላ ወስዶ ክሬሙን በእርጥብ ጥጥ መጥረግ፣ ከዚያም በፎጣ ጫን ብሎ ማድረቅና በመስኮት ብርሃን ማየት ነው። እርጥብ ፀጉር ከደረቀው ሁሌም ጠቁሮ ስለሚታይ ሳይደርቅ አይፈረድም። በመካከለኛ ክፍል ይህ ምርመራ ከ20ኛው ደቂቃ ይጀመራል፤ 30 ዲግሪ ባለፈ ክፍል ውስጥ ከ10ኛው ደቂቃ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ቢደረግ ይሻላል። አንዱ ዘለላ ከሥር፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱም ከግንባር ዳር ይሁን።

ሙቀት የሚያመጣው የመልክ ለውጥ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ይህን አለመለየት ብዙ ግራ መጋባት ያመጣል። ቀለሙ ከፀጉሩ የሚጠቁር ወይም እኩል ከሆነ፣ ሙቀት ብዙ ቀለም ቶሎ ያስገባል፤ በተለይ ጫፉ ላይ፣ ቅርፊቱ በፎንና በካውያ የተጎዳበት ቦታ፣ ጥቁርና ደፋን ያለ፣ ብርሃን የማይመልስ መልክ ይወጣል። ቀለሙ ፀጉሩን የሚያሳሳ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ማሳሳቱን ያፋጥነዋል፤ ፀጉሩ ከታሰበው ይልቅ ይቀላል። ስለዚህ «ሙቀት ያጠቁራል» የሚለውም «ሙቀት ያቀላል» የሚለውም ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ጥያቄው በሳህኑ ውስጥ ያለው ቀለም ምን ለመሥራት የተሠራ ነው የሚለው ነው።

በሞቃት ቤት ከ9 በመቶ ዲቨሎፐር ወደ 6 በመቶ መውረድ ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ ሙቀቱ የጎደለውን ፍጥነት ይተካል። ድብልቁም በአንድ ጊዜ ሁሉም አይደባለቅ። ለጭንቅላቱ ኋላ በግማሹ ተጀምሮ፣ ለፊቱ ሌላው ግማሽ ሲደባለቅ ሁለቱም ትኩስ ጉልበት ይኖራቸዋል። የተረፈው ድብልቅ ደግሞ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶ መቀመጥ የለበትም፤ ፐርኦክሳይዱ ሲፈርስ ኦክሲጅን ያወጣል፣ በሙቀት ደግሞ ብዙ ያወጣል፤ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ብሊች ላይ ይህ ሁሉ ይከብዳል። የብሊች ዱቄት ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ማሳሳት ብቻ ነው፤ ቀለም የሚያስገባ ነገር ስለሌለው «ደረሰ» ብሎ ራሱ የሚቆምበት ቦታ የለም። በፎይል ሲጠቀለል የራሱን ሙቀት ይይዛል፤ ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ፎይሉ ውስጥ በእጅ ሲነካ ትኩስ ይሆናል። በዚያ ሙቀት ጥቁር ፀጉር ከቀይ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቢጫ የሚሄድበት መንገድ በጣም ያጥራል፤ ቢጫ ላይ ያልቆመ ደግሞ ፀጉሩ ራሱ ሲበጣጠስ ይገኛል። ፎይሉ ላይ ካስክ ወይም ፎን መጨመር ለዚህ ሁሉ እሳት መጨመር ነው። ራስ ላይ የሚያቃጥል ስሜት ሲመጣ ጊዜው ቢቀርም ወዲያው በለብ ያለ ውሃ መታጠብ አለበት፤ የሚቃጠለው ቆዳ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚጠበቅ ጥሩ ውጤት የለም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ሙቀት ነው። እርጥበት ሌላ መንገድ አለው፤ ብዙ ሰዎችም ከሙቀት ጋር ያምታቱታል። ቀለም የሚሠራው ክሬሙ እርጥብ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ሞለኪውሎቹ ወደ ፀጉር የሚገቡት በውሃ ተንሳፍፈው ስለሆነ፣ ክሬሙ ሲደርቅ ሥራው ይቆማል። አዲስ አበባ በበጋ ጠዋት ብርድ ብቻ ሳይሆን ደረቅም ነው፤ በቀጭኑ የተቀባ ቀለም በጥቂት ደቂቃዎች ላዩ ይጠነክራል፣ ጣት ሲያርፍበት እንደ ሸክላ ቅባት ይሰነጠቃል። ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። እንዲህ የደረቀ ቀለም 45 ደቂቃ ቢቆይም ከ15 ደቂቃ በላይ አልሠራም። ቆቡ የሚጠቅመው ለዚህም ነው፤ ሙቀት ከሚይዝበት በላይ ውሃ ይይዛል። ከደረቀም በሚረጭ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ ነስንሶ በእጅ ማለስለስ ያስነሳዋል፤ ብዙ ውሃ ግን ያቀጥነዋል።

እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ተቃራኒው ነው። ክሬሙ አይደርቅም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይሠራል፣ ሙቀቱም ያፋጥነዋል። ቀለሙ «አልሠራም» የሚባልበት ምክንያት አይቀርለትም፤ «አለፈ» የሚባልበት ግን ብዙ ነው። ሌላው ላብ ነው። ግንባርና ማጅራት ላይ የሚወርደው ላብ ክሬሙን አቅጥኖ ወደ ፊት ይወስደዋል፤ ሥሩ ላይ ያለው ቀለም ይሳሳል፣ ጆሮና ግንባር ይቀለማሉ። ክፍሉን በማራገቢያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ማቀዝቀዝና ግንባር ላይ ወፍራም ቫዝሊን መቀባት ይረዳል፤ ማራገቢያው ግን ቀለም በሚቀባበት ጊዜ በቀጥታ ራስ ላይ መንፈስ የለበትም። የብሊች ዱቄት ደግሞ በእርጥብ አየር ክፍት ሆኖ ከቆየ ውሃ ስቦ ይጓጉላል፤ የተጓጎለው ዱቄት ሲደባለቅ አንዳንዱ ቦታ ብርቱ፣ አንዳንዱ ደካማ ሆኖ ፀጉር ላይ ነጠብጣብ ይሠራል።

በባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሚያጋጥማቸው ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ውጪው 40 ዲግሪ፣ የባሕር እርጥበት የሞላበት፤ ቤቱ ውስጥ ግን ኤሲው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ይነፋል። «እዚህ ሙቀት ነው፣ ቶሎ ይደርሳል» ብሎ ማሳጠር ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ፀጉሩ የሚኖረው በኤሲው አየር ውስጥ ነው እንጂ በውጪው አይደለም። ኤሲው በቀጥታ በሚነፋበት ወንበር ላይ ከተቀመጡ የፊት ለፊቱ ፀጉር ይደርቃል፣ የኋላው አይደርቅም። ወንበሩን ማንሳት ወይም ኤሲውን ለዚያ ጊዜ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሂና ራሱን የቻለ ጉዳይ ቢሆንም አንድ ነጥብ ይገባዋል፤ ሐረርና ድሬዳዋ ለዘመናት የተጠቀሙበት ቀለም ነውና። የሂና ቅጠል ቀለሙን የሚለቀው ተቦክቶ ሲቆይ ነው፤ ዱቄቱ በሎሚ ወይም በውሃ ተቦክቶ በ35 ዲግሪ ቤት በሁለት ሰዓት ገደማ ቀለሙን ያወጣል፣ በ20 ዲግሪ ቤት ግን ሌሊቱን ማደር ይፈልጋል። ሳይደርስ የተቀባ ሂና ራስ ላይ ብዙ ሰዓት ቢቆይም ደብዛዛ ብርቱካን ይሆናል፤ ብዙ ቀን ያለፈው ደግሞ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከፐርኦክሳይድ ቀለም የሚለይበት ዋና ነገር ከታጠበ በኋላም መልኩ መጠቆሩን መቀጠሉ ነው፤ በሁለትና በሦስት ቀን ከብርቱካን ወደ ጥቁር ቀይ ይሄዳል። የታጠበ ቀን «ቀላብኝ» ብሎ በላዩ ሌላ ቀለም መቀባት አይገባም።

ስህተቱ ከደረሰ በኋላ የሚጠገነው እንደ ምክንያቱ ነው። በብርድ ሳይደርስ የታጠበ ርዝመት አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ያንኑ ቀለም ለርዝመቱ ብቻ፣ በሞቃት ክፍል፣ በቆብ መድገም ይቻላል፤ ሥሩ አይነካም። የፈነዳ ሥር ላይ ደግሞ ሌላ የሚያሳሳ ነገር መጨመር ያባብሰዋል፤ የሚያስፈልገው ከርዝመቱ ጋር የሚመጣጠን፣ አመድማ የሆነ ቀለም በአነስተኛ ዲቨሎፐር፣ 3 በመቶ በሚባለው፣ ሥሩ ላይ ብቻ መቀባት ነው። እዚያም ላይ ሥሩ ሞቃት ስለሆነ ከአምስተኛው ደቂቃ ጀምሮ መታየት አለበት። በሙቀት ጠቁሮ የወጣ ጫፍ ግን ለብዙ ጊዜ ይቆያል፤ በሻምፑ ቀስ በቀስ ይሳሳል እንጂ በብሊች ለማውጣት መሞከር ቀድሞ የተጎዳውን ጫፍ ይበጥሰዋል። ለእሱ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር መቆረጥ ነው።